ኮርቻው ለምን ተወደደ? የጨዋታ ገንዘብ ቧንቧና መውረጃ

ወዳጄ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደውሎ ‹‹ኮርቻ እኮ ሁለት ሺሕ አራት መቶ ገባ!›› አለኝ። ድምፁ በጤፍ ዋጋ የሚያማርር አባወራ ድምፅ ነበር። ይህ ኮርቻ ግን በየትኛውም ገበያ አይገኝም። ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በሠራው የኢንተርኔት ጨዋታ ውስጥ ያለ፣ በስክሪን ላይ ብቻ የሚታይ ኮርቻ ነው። ከሦስት ወር በፊት ዋጋው 200 ነበር። ‹‹አንተ የሒሳብ ሰው አይደለህ? እስቲ ና እየው›› አለኝ። እኔም ሄድኩ። ያን ቀን የጀመርኩት ሥራ ወራት ፈጀብኝ።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ተጫዋቹ ሲራራ ነጋዴ ይሆናል። በቅሎ ይገዛል፣ ጨው፣ ቡናና ቆዳ ይጭናል፣ ኬላ ያልፋል፣ በየገበያው ይሸጣል። ገንዘቡ አሞሌ ነው። በየከተማው ነጋድራስ ተቀምጦ ‹‹ይህን ጭነት እዚያ አድርስልኝ›› እያለ ሥራ ይሰጣል፤ ላደረሰም ይከፍላል። ነጋድራሱ ሰው አይደለም፣ ፕሮግራሙ ነው። ኮርቻውን ግን የሚሠሩትና የሚሸጡት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ናቸው። ዋጋውን የሚወስነውም የእነሱ ገበያ ነው።

ነጋድራሱ ሲከፍል ገንዘቡን ከየት ያመጣል? ከየትም አያመጣም። በሰርቨሩ ላይ ያለ አንድ ቁጥር ከፍ ይላል፤ በቃ። ማዕከላዊ ባንክ የለ፣ ካዝና የለ። ተጫዋች ሥራ በጨረሰ ቁጥር አዲስ ገንዘብ ይታተማል ማለት ነው። ስለዚህ በጨዋታ ውስጥ ብር የሚያትመው የተጫዋቹ ትርፍ ሰዓት ነው። ብዙ ሰው ብዙ ሰዓት በተጫወተ ቁጥር ማተሚያ ቤቱም ብዙ ይሠራል።

ነገሩን ለወዳጄ ያስረዳሁት በሮቶ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ግቢው ሮቶ ያልተከለ ሰው ስለሌለ ምሳሌው ይገባል። ገንዘቡ ውኃ ነው። ነጋድራሱ ሮቶውን የሚሞላው ቧንቧ ነው። ገንዘብን ከጨዋታው ጨርሶ የሚያጠፋ ማንኛውም ክፍያ ደግሞ መውረጃ ነው። በቧንቧው የሚገባው በመውረጃው ከሚወጣው ከበለጠ ውኃው ይነሣል፤ ውኃው ሲነሣ ዋጋ አብሮት ይነሣል።

እዚህ ላይ ወዳጄ የተሳሳተበትን ቦታ ልንገራችሁ፤ የብዙ ጀማሪዎች ስሕተት ነውና። ‹‹ኮርቻ እኮ ውድ ነው፣ ሰዎች ገንዘባቸውን ኮርቻ ላይ ይጨርሳሉ፤ መውረጃ አለኝ›› አለኝ። አይደለም። ኮርቻ የገዛው ሰው ገንዘብ ወደ ኮርቻ ሠሪው ኪስ ገባ እንጂ አልጠፋም። ከአንዱ ባልዲ ወደ ሌላው ባልዲ የተገለበጠ ውኃ ነው፤ ሮቶው ውስጥ ያለው ድምር አልተነካም። መውረጃ የሚባለው ከፋዩ ከፍሎ ተቀባይ ሲጠፋ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ እንግዲህ መዝገብ መክፈት ሆነ። አንድ አሞሌ በተፈጠረ ወይም በጠፋ ቁጥር ምክንያቱ ይመዘገባል፦ የነጋድራስ ክፍያ፣ ለአዲስ ተጫዋች የሚሰጥ ስጦታ፣ የኬላ ቀረጥ፣ የበቅሎ መኖ። በተጫዋቾች መካከል የሚደረገው ልውውጥ ለብቻው ይያዛል። ይህ መዝገብ ሳይኖር ጨዋታ የሚከፍት ሰው ቆጣሪ ሳያስገባ ውኃ እንደሚሸጥ ሰው ነው። ኢቭ ኦንላይን የተባለውን የጠፈር ጨዋታ የሚያዘጋጀው የአይስላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 ኤይዮልፉር ጉድሙንድሶን የተባሉ የኢኮኖሚ ባለሙያ የቀጠረው በዋናነት እንዲህ ዓይነቱን ቁጥር የሚያነብ ሰው ስለፈለገ ነው። ያ ጨዋታ ስንት ገንዘብ ከየት ፈልቆ በየት እንደጠፋ የሚያሳይ ወርኃዊ ሪፖርት ያወጣል። የእኛ መዝገብ ያን ያህል ባይሆንም የሚበቃንን አሳየን።

ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲቀሉ አጠጋግቼ ላስቀምጥ። በቀን 300 ሰዎች በአማካይ ሁለት ሁለት ሰዓት ይጫወታሉ፤ 600 ሰዓት ነው። ነጋድራሱ በሰዓት 100 አሞሌ ያህል ስለሚከፍል በቀን 60,000 ይፈልቃል። በየቀኑ 20 አዲስ ሰዎች ይመጣሉ፤ ለእያንዳንዳቸው 500 አሞሌ ስጦታ ስለሚሰጥ 10,000 ይጨመራል። ገቢው 70,000 ሆነ።

ወጪውን እንይ። መኖ በሰዓት 15 አሞሌ ስለሆነ 9,000 ይወጣል። በሰዓት ሁለት ጊዜ ኬላ ይታለፋል፤ በ10 አሞሌ ሲሰላ 12,000 ነው። አዲሶቹ 20 ሰዎች ስጦታቸውን ወዲያው ለመጀመሪያ በቅሏቸው ስለሚከፍሉና በቅሎ የሚሸጠው ፕሮግራሙ ስለሆነ ያ 10,000 ተመልሶ ይጠፋል። ድምሩ 31,000 ነው። እንግዲህ በየቀኑ 39,000 አሞሌ ሮቶው ውስጥ ይቀራል።

በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ይህ ብዙ አልነበረም፤ ለአንድ ተጫዋች ቢካፈል 910 ነው። በሦስተኛው ወር መጨረሻ ግን 3.5 ሚሊዮን ሆኗል፤ ሲካፈል 11,700። ገንዘቡ ወደ 13 እጥፍ ሲጠጋ ኮርቻው 12 እጥፍ ተወደደ። ምሥጢር የለውም።

‹‹ታዲያ ሁሉም ገንዘብ ካለው ዋጋ ቢወጣ ምን አለበት?›› የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቆዳ አምርቶ ለሌሎች ተጫዋቾች የሚሸጥ ሰው የቆዳውም ዋጋ አብሮ ስለሚወጣ ብዙ አይጎዳም። የሚጎዳው ገቢው የማይጨምርለት ነው፤ እሱም አዲሱ ተጫዋች ነው። ገና ምንም ማምረት አይችልም፣ የሚያውቀው የነጋድራሱን ሥራ ብቻ ነው፣ ነጋድራሱ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ 100 ብቻ ይከፍላል። መኖና ኬላ ተቀንሶ በሰዓት 65 አሞሌ ይተርፈዋል። ኮርቻ የሌለው በቅሎ የሚጭነው ግማሹን ነውና መጀመሪያ ኮርቻ መግዛት አለበት። በመጀመሪያው ሳምንት የሦስት ሰዓት ሥራ ይበቃው ነበር፤ አሁን 37 ሰዓት ይፈጅበታል። በቀን ሁለት ሰዓት ለሚጫወት ሰው ሦስት ሳምንት ሊሞላው ነው። ማን ይጠብቃል? ከአዲሶቹ አብዛኞቹ በአራተኛው ቀን አይመለሱም ነበር። ወዳጄ እነዚህን ሰዎች ለማምጣት ከደመወዙ ቆርጦ ማስታወቂያ ይከፍል ነበር።

የመጀመሪያ ሐሳቡ ‹‹ለምን ማተሙን አናቆምም? የተወሰነ አሞሌ ብቻ ለቅቀን እሱው ይሽከርከር›› የሚል ነበር። ይህ ሐሳብ ለሰሚው ማራኪ ነው፤ ትልልቆቹም ሞክረውታል። እ.ኤ.አ. በ1997 የተከፈተው አልቲማ ኦንላይን በዓለሙ ውስጥ ያለው ጥሬ ሀብት የተወሰነ እንዲሆን ተደርጎ ነበር የተነደፈው። የተሸመነው ልብስ፣ የተቀጠቀጠው ብረት ሁሉ ከአንድ ክምችት ይወጣል፤ ሲያልቅ ሲቀደድ ወደ ክምችቱ ይመለሳል፤ ከዚያ አዲስ ነገር ይፈጠራል። ንድፉ በወረቀት ላይ ያማረ ነበር። ተጫዋቾቹ ግን ያገኙትን ሁሉ ቤታቸው ውስጥ አከማቹ። ማንም የማይለብሰው ሸሚዝ በየሣጥኑ ታጨቀ። ክምችቱ ባዶ ስለቀረ አዲስ ነገር መፈጠሩ ቆመ፤ አሁን የገባው ተጫዋች የሚያገኘው አጣ። በመጨረሻ አዘጋጆቹ ክቡን ትተው ቧንቧውን ከፈቱት። ያን ጊዜ ደግሞ የዋጋ ንረት መጣ።

ከዚያ የተማርነው ሰው ማከማቸቱን በንድፍ መከልከል እንደማይቻል ነው። ቧንቧው ክፍት መሆኑ ግድ ነው፤ ጭንቀቱ ሁሉ መውረጃው ላይ ነው።

ወዳጄ ሁለተኛውን ሐሳብ ሳያማክረኝ ሥራ ላይ አዋለው። የኬላውን ቀረጥ ከ10 ወደ 30 አሳደገ። በሁለት ሳምንት መዝገቡን ይዞ እየሳቀ መጣ፤ በቀን ይቀር የነበረው 39,000 ወደ 11,250 ወርዷል። እኔም ለጥቂት ደቂቃ አብሬው ሳቅሁ። በኋላ ግን የተጫዋቹን ቁጥር ሳይ 300 የነበረው 225 ሆኗል። 600 የነበረው ሰዓትም 450። ቧንቧው የቀነሰው የሚቀዳ ሰው ስለጠፋ ነው። ትኩሳቱ የወረደው በሽተኛው ስለዳነ ሳይሆን እየቀዘቀዘ ስለሆነ ነበር። ኮርቻው ደግሞ ይባስ ብሎ 2,600 ገባ፤ ምክንያቱም የሄዱት ባዶ ኪስ የነበራቸው ናቸው። ያ 3.5 ሚሊዮን የቀሩት እጅ ውስጥ ነው።

ስሌቱን ቢሠራው ቀድሞ ያየው ነበር። በሰዓት ሁለት ጊዜ ኬላ የሚያልፍ ጀማሪ 60 አሞሌ ለቀረጥ፣ 15 ለመኖ ከፍሎ የሚተርፈው 25 ነው። ኮርቻው የ37 ሰዓት ሥራ የነበረው ወደ 96 ሰዓት ሄደ። 200,000 አሞሌ ላይ ለተቀመጠው የድሮ ነጋዴ ግን 30 አሞሌ ምኑም አይደለም። ቁርጥ ያለ ቀረጥ ጠባዩ ይኸው ነው፦ ድሃውን ያደርቃል፣ ሀብታሙን አይነካም። ከዚያ ወዲህ ወዳጄ መዝገቡን ሲያመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው በጠቅላላ የቀረውን ገንዘብ ሳይሆን በሥራ ላይ ላለ አንድ ተጫዋች የሚደርሰውን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ከሮቶ ውኃ ማውጣት በሁለት መንገድ ይቻላል። አንደኛው በየቀኑ በጣሳ የተወሰነ መቅዳት ነው። ሮቶው ቢሞላም ባይሞላም ጣሳው ያው ነው፤ ቧንቧው ከጣሳው ከበለጠ ውኃው ያለ ገደብ ይነሣል። መኖም፣ ኬላም፣ በቅሎም ጣሳ ናቸው። ሁለተኛው ከሮቶው ሥር ቀዳዳ መብሳት ነው። ውኃው ከፍ ባለ ቁጥር ግፊቱ ይበረታና በቀዳዳው የሚወጣው ይጨምራል። እንዲህ ያለው ሮቶ የሆነ ከፍታ ላይ ሲደርስ የሚገባውና የሚወጣው እኩል ይሆንና ራሱ ይቆማል።

በነገራችን ላይ እውነተኛው አሞሌ ይህን ቀዳዳ ከተፈጥሮው ይዞት ነበር። ከአፋር ዝቅተኛ ምድር እየተቆረጠ በበቅሎና በግመል ደጋ የሚወጣው የጨው ገንዘብ በየመንገዱ ይሰበራል፣ ዝናብ ሲያገኘው ይሟሟል፣ በመጨረሻም ወጥ ውስጥ ይገባል። ብዙ ያከማቸ ብዙ ይጠፋበታል። ከጨው ማውጫው በራቀ ቁጥርም ዋጋው ከፍ ይል ነበር። የወዳጄ አሞሌ ግን በሰርቨር ላይ ያለ ስለሆነ ዝናብ አይነካው፤ ያንን ዝናብ እኛ ማበጀት ነበረብን።

ቀዳዳው የገበያ ኮሚሽን ሆነ። ኬላውን ወደ 10 መለስነው፤ በምትኩ ተጫዋች ለተጫዋች በገበያው ሲሸጥ ከዋጋው 5 በመቶው ይጠፋል። ዋጋ በእጥፍ ሲወጣ ኮሚሽኑም ማንም ሳይነካው በእጥፍ ይወጣል። የሚከፍለውም ብዙ የሚነግደው ነው። ይህ የእኛ ፈጠራ አይደለም። በዋርክራፍት ዓለም የጨረታ ቤቱ ከሻጩ 5 በመቶ ይቆርጣል። የሩንስኬፕ የቀድሞው ዓይነት ደግሞ ለዓመታት ያለ ኮሚሽን ከሠራ በኋላ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 በትልቁ ገበያው ላይ 1 በመቶ ጣለ፤ ከተሰበሰበውም በከፊል ከተጫዋቾች ዕቃ እየገዛ ያጠፋል። ይህኛው ብልኃት ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ዕቃም እንደሚትረፈረፍ የተረዳ ሰው ሥራ ነው።

ሰው ደግሞ ቀረጥ ሲያይ መሸሽ ያውቃል። ኮሚሽኑ በተጣለ ሳምንት በገበያው የሚደረገው የቀን ሽያጭ ከ400,000 ወደ 320,000 ወረደ፤ የቀረው እጅ በእጅ መሆን ጀመረ። አንደኛው ባልደረባ ኮሚሽኑን 10 በመቶ እናድርገው ቢልም አልተስማማሁም፤ ብዙ ስንጠይቅ ብዙ ይሸሻል። ይልቁንም ገበያው ሻጩ ተኝቶም ቢሆን እንዲሸጥለት አደረግን። እጅ በእጅ ለመሸጥ ሁለቱም ሰዎች በአንድ ሰዓት መገኘት አለባቸው። ለምቾት 5 በመቶ መክፈል ሰው አይከብደውም።

ከቧንቧውም ትንሽ ጨመቅን። አንድ ሰው በቀን የሚሠራቸው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት እንደ ድሮው 100 ይከፈላሉ፤ ከዚያ በላይ ያለው 40። አማካዩ ሁለት ሰዓት ቢሆንም በቀን ስምንትና አሥር ሰዓት የሚቀመጡ ነበሩ፤ ከ600ው ሰዓት 200 ያህሉ የእነሱ ነው። በዚህም የነጋድራሱ ክፍያ ከ60,000 ወደ 48,000 ወረደ፤ ጀማሪው አንድም አልተነካም።

ወራት ፈጅቶ የተጫዋቹ ቁጥር ወደ 300 ሲመለስ ሒሳቡ ይህን መሰለ። ከስጦታው ጋር 58,000 ይገባል። በጣሳ 31,000 ይወጣል። የሚቀረው 27,000 ነው። ኮሚሽኑ ከ320,000 ሽያጭ 16,000 ይወስዳል። አሁንም 11,000 ይተርፋል፤ ዋጋ መውጣቱን ይቀጥላል ማለት ነው። ግን እስከ የት? የቀኑ ሽያጭ 540,000 ሲደርስ 5 በመቶው 27,000 ይሆናል፤ ውኃው እዚያ ላይ ይቆማል። ዋጋ አሁን ካለበት 70 በመቶ ያህል ወጥቶ ይረጋል ማለት ነው። ማለቂያ ከሌለው ንረት ጋር ሲነጻጸር ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው፤ ያን ምሽት ወዳጄን ቢራ ያስጋበዝኩትም በዚህ ነው።

ከዚያ በታች እንዲረጋ ከፈለግን ከሀብታሞቹ ዘንድ የተከማቸውን ማውጣት ነበረብን፤ ያ ደግሞ በቀረጥ ሳይሆን በክብር ነው የሚወጣው። በብር ያጌጠ የበቅሎ ዕቃ፣ ጭነቱን በአንድ ጆንያ እንኳ የማይጨምር፣ ለታይታ ብቻ የሚሆን፣ በ40,000 አሞሌ አቀረብን። በሳምንት ሁለት ተሸጠ፤ በቀን ሲሰላ 11,400 ያህል ነው፤ ትርፍ የነበረውን 11,000 ዋጠልን። ዋርክራፍትም እ.ኤ.አ. በ2008 ጀርባው ላይ ሻጭ የተቀመጠበት ማሞዝ በ20,000 ወርቅ ሲያቀርብ ያደረገው ከዚህ የተለየ አልነበረም። ድክመቱ ሀብታሙ አንዴ ከገዛ ሁለተኛ አለመግዛቱ ነው። በሦስተኛው ወር የእኛው ሽያጭ በወር አንድ ሆነና በየበዓሉ አዲስ ጌጥ ማውጣት ግድ ሆነብን። ይህን ያህል የምወደው መፍትሔ አይደለም፤ ሠዓሊ ይፈልጋል።

ሁለት ነገሮች አሁንም እንቅልፍ ይነሱኛል። አንደኛው የፕሮግራም ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2013 በዲያብሎ 3 የጨረታ ገበያ ላይ በአንድ ማሻሻያ የገባ ስሕተት ወርቅን ማባዛት አስችሎ ነበር። እንዲህ ሲሆን ከሮቶው ሥር ያለ ቀዳዳ አይደርስም፤ ቧንቧ ሳይሆን ጎርፍ ነውና። ለዚህም መዝገባችን ማታ ማታ በሁሉም ሰው እጅ ያለውን አሞሌ ደምሮ ከተፈጠረውና ከጠፋው ልዩነት ጋር ያስተያያል። አንድ አሞሌ እንኳ ከበለጠ ለወዳጄ ስልክ መልእክት ይሄዳል። በቀደመው ዲያብሎ 2 ወርቁ ዋጋ አጥቶ ተጫዋቾቹ የጆርዳን ድንጋይ የተባለ ቀለበት መገበያያ አደረጉ፤ ቀለበቱም በሐሰት ተባዛ። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ማሻሻያ ቀለበቱን ለጨዋታው ነጋዴዎች ሸጠው ሲያጠፉት፣ የጠፋው ሲበዛ ለየት ያለ ጠላት ብቅ እንዲል ተደረገ። ብዙዎች ይህን የረዱት የተባዙትን ቀለበቶች መምጠጫ ዘዴ አድርገው ነው፤ እኔም እንደዚያው።

ሁለተኛው የሄዱት ሰዎች ናቸው። ጨዋታውን ያቆመ ሰው ገንዘቡን ይዞ ስለሚሄድ መዝገቡ ላይ እያለ ከገበያው ይጠፋል፤ መውረጃ ይመስላል። አዲስ ነገር ሲጨመር ግን ይመለሳል፣ ያ ሁሉ አሞሌም አብሮት። ባለፈው ፋሲካ አዲስ የበቅሎ ጌጥ ያወጣን ጊዜ ከስድሳ የማያንሱ የድሮ ነጋዴዎች በአንድ ሳምንት ተመለሱና 1,900 ላይ ረግቶ የነበረው ኮርቻ 2,300 ገባ። ወዳጄም ደወለ። ኮሚሽኑ እስኪመጠው አምስት ሳምንት ፈጀ። ለመጪው እንቁጣጣሽ ጌጡን ከበዓሉ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ለማውጣት ተስማምተናል፤ የተመላሾቹ አሞሌ ኮርቻ ገበያው ከመድረሱ በፊት ጌጡ ላይ እንዲያልቅ።